ሰው የማይጠፋበትን የአላታ ድልድይ ባዶውን በፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ የአላታ ድልድይ አለ። ብዙ ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኛል። ዛሬም ሥራ አልፈታም። ገበያተኛው፣ ጭነት የያዘችው አህያ፣ ፏፏቴ ሊያይ የመጣው ጎብኚ ሁሉ ያልፍበታል። በገበያ ቀን ድልድዩን ባዶውን አነሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጀምበር ትጠልቅበታለች።

መጠበቅ ግን የግድ አይደለም፤ ብዙ ፎቶ አንስቶ በማዋሃድ ሰዎቹን ማጥፋት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ስለዚሁ ዘዴ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዬን ሁሉ ከዚህ ድልድይ ወስጃለሁ። የደብረ ማርቆስን አደባባይ ወይም የባሕር ዳርን ሐይቅ ዳር ለምታነሱም ሥራው ያው ነው።

ዘዴው ባጭሩ ምንድን ነው?

ካሜራውን አንድ ቦታ ተክላችሁ፣ አንዱን ትዕይንት በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አንዱን ባንዱ ላይ ትደራርቡና «ሚድያን» በሚባለው ስሌት ወደ አንድ ፎቶ ታዋህዷቸዋላችሁ። ድንጋዩ በሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ስለሆነ ይቀራል። ሰዎቹ በየፎቶው ሌላ ቦታ ላይ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። አንድ በአንድ እየመረጡ ማጥፋት የለም።

ሰዎቹ ታዲያ የት ይሄዳሉ?

ሚድያን ማለት ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን መውሰድ ነው። ተማሪዎችን በቁመት አሰልፎ መሃል የቆመውን እንደመጥራት ነው። ጫፍ ላይ ያለው ልጅ እጅግ ረጅም ቢሆንም ባይሆንም፣ የመሃሉ ልጅ አይቀየርም።

አሁን የድልድዩን አንዲት ድንጋይ አስቡ። አምስት ፎቶ አነሳን እንበል። የዚያች ድንጋይ አንድ ፒክስል ብርሃን በአምስቱ ፎቶዎች 118፣ 121፣ 42፣ 119 እና 38 ሆነ። 42 እና 38 የመጡት ጥቁር ኮት የለበሱ ሰዎች ድንጋይዋን ሲከልሏት ነው። ስንደረድራቸው 38፣ 42፣ 118፣ 119፣ 121 ይሆናሉ። መሃል ላይ ያለው 118 ነው። ይህ የድንጋይዋ እውነተኛ መልክ ነው። ሰዎቹ ምንም አሻራ አልተዉም።

አማካይ ብንወስድ ኖሮ 87.6 ይመጣ ነበር። ይህ የድንጋዩም የሰውዬውም መልክ አይደለም፤ የሁለቱ ቅልቅል ነው። በፎቶው ላይ እንደ ጭስ ያለ ግራጫ ጥላ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ Mean እና Median ተከታትለው ተጽፈው ታገኛላችሁ። የምትፈልጉት Median ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ፒክስል ለየብቻ ያደርጋል። ለቀዩ፣ ለአረንጓዴውና ለሰማያዊውም ለየብቻ ነው። ፕሮግራሙ «ይሄ ሰው ነው፣ ይሄ ድንጋይ ነው» ብሎ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው የትኛው ቁጥር መሃል ላይ እንደዋለ ብቻ ነው። ይህን ከያዛችሁ የሚቀጥሉት መልሶች ሁሉ ከዚሁ የሚወጡ ናቸው።

ስንት ፎቶ ላንሳ?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው። ትክክለኛው መልስ ግን በሰው ብዛት ላይ አይመሠረትም። ወሳኙ አንዲት ቦታ ከጠቅላላው ጊዜ ምን ያህሉን ተሸፍና ትውላለች የሚለው ነው። መቶ ሰው በፍጥነት ቢያልፍ ችግር የለም። አንድ ሰው ተደላድሎ ቢቆም ግን ዘዴው ይከሽፋል።

እዚያው ቆማችሁ መለካት ትችላላችሁ። በጣም ሰው የሚበዛበትን አንድ ድንጋይ ምረጡ። በየአሥር ሰከንዱ ቀና ብላችሁ ድንጋዩ ይታያል ወይስ ተሸፍኗል የሚለውን ቁጠሩ። ሃያ ጊዜ አይታችሁ አራቱን ተሸፍኖ ካገኛችሁት ሽፋኑ 20 በመቶ ነው።

ሽፋኑ 10 በመቶ ከሆነ አምስት ፎቶ እንኳ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ አንድ ፒክስል የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። 20 በመቶ ሲሆን በዘጠኝ ፎቶ 2 በመቶ ያህል ፒክስል ሊበላሽ ይችላል። ወደ አሥራ አምስት ስታሳድጉት ግን ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። 30 በመቶ ሲሆን አሥራ አምስት ፎቶም አይበቃም፤ አሁንም 5 በመቶ ገደማ ይበላሻል። በሃያ አምስት ፎቶ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ይህ ስሌት አንዱ ፎቶ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ነው የሚነሳው። እሱን ቀጥዬ እመለስበታለሁ።

ሽፋኑ ከ50 በመቶ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ፎቶ በጨመራችሁ ቁጥር ውጤቱ ይብስበታል። መሃል ላይ የሚውለው ሰው ይሆናላ! እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቶ ፎቶ ማንሳት ልፋት ብቻ ነው። የምትቆሙበትን ቦታ ወይም ሰዓቱን ቀይሩ።

የፎቶው ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፤ 9፣ 15፣ 21። ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ይቀላቅላል። አንዱ ድንጋይ ሌላው ሰው ከሆነ ግማሽ ጥላ ይቀርላችኋል።

የምቆምበት ቦታ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ከድልድዩ ጎን ወይም ሰያፍ ቆማችሁ ስታነሱ፣ የሚራመድ ሰው በፎቶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። አንዲትን ነጥብ የሚሸፍነው ግማሽ ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ነው። በደቂቃ ሠላሳ ሰው ቢያልፍ እንኳ ነጥቧ የምትሸፈነው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ከጊዜው ሩብ ነው። ሚድያን ይችለዋል።

ከድልድዩ ጫፍ ቆማችሁ ወደ ሌላው ጫፍ ስታነሱ ግን ሰዎቹ ወደ እናንተ ይመጣሉ ወይም ከእናንተ ይርቃሉ። በፎቶው ላይ ቦታቸውን አይለቁም፤ ይተልቃሉ ወይም ያንሳሉ እንጂ። ለመሻገር 40 ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ አንድ ሰው ብቻውን የሩቁን ጫፍ ለ40 ሰከንድ ያህል ሊሸፍን ይችላል። በደቂቃ ሁለት ሰው ካለፈ በቃ፣ ያ ቦታ ሁልጊዜ ተሸፍኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ቀጥ ያለውን እይታ የግድ ከፈለጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ከላይ ወደ ታች ስታዩ ሰው የሚሸፍነው መሬት ያንሳል። ካልሆነ ከጎን አንሱት። የቅስቶቹ አሠራር የሚታየውም ከጎን ነው።

በስንት ሰከንድ ልዩነት ላንሳ? ካሜራዬ በሰከንድ አሥር ያነሳል።

ያንን ተዉት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ አሥር ፎቶ ብታነሱ፣ አሥሩም ላይ ያው ሰው ያው ቦታ ላይ ነው። አሥር ፎቶ አላችሁ፤ መረጃው ግን ያንድ ፎቶ ነው። ፎቶዎቹ አይገናኙም ብለን ያሰላነው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ልዩነቱ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ቦታውን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ እስኪሄድ ድረስ መሆን አለበት። አላታ ላይ በገበያ ቀን ሰው ብቻውን አይሄድም። ቤተሰብ ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ አህዮችም ተከታትለው ነው የሚያልፉት። ለዚህ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ጥሩ ነው። አሥራ አምስት ፎቶ በ20 ሰከንድ ልዩነት አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ካሜራችሁ በራሱ የሚቆጥር የጊዜ ልዩነት ማስተካከያ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ከሌለው እጃችሁ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው የሁለት ሰከንድ መዘግየት አድርጉና በሰዓት እያያችሁ ተጫኑ። እኔ በእጅ መጫኑን እመርጣለሁ። ሰው በዛ ካለ ትንሽ አዘገያለሁ፣ ሳሳ ካለ ቶሎ አነሳለሁ። ማሽን ይህን አያይም።

በበዓል ቀን ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲወጣ ይከብዳል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው።

በተራ ቀን ሰው የሚለብሰው ይለያያል። ጥቁር ጃኬት አለ፣ ነጭ ጋቢ አለ። ድንጋዩ ደግሞ በመካከል ነው። ዘጠኝ ፎቶ አነሳን እንበል። በአንዲት ነጥብ ላይ ሦስቱ ጥቁር ልብስ፣ ሁለቱ ነጭ ጋቢ፣ አራቱ ድንጋይ ናቸው። ድንጋዩ ከግማሽ በታች ነው የታየው። ግን ስንደረድራቸው ሦስቱ ጥቁሮች ከታች፣ ሁለቱ ነጮች ከላይ፣ ድንጋዩ መሃል ይሆናል። አምስተኛው ቁጥር ድንጋይ ነው! ጥቁሩና ነጩ ተጣፍተው ድንጋዩን መሃል ላይ ተዉልን።

ጥምቀት ላይ ወይም በንግሥ ቀን ግን ሁሉም ነጠላ ነው። ሁሉም የሚወድቁት በአንድ ወገን፣ ከላይ ነው። አምስቱ ነጭ ከሆኑ መሃሉም ነጭ ነው፤ የሚያጣፋላቸው ጥቁር የለም። ስለዚህ ለበዓል ቀን የማያሻማው የግማሽ ሕግ ብቻ ነው የሚሠራው፦ እያንዳንዱ ነጥብ ከግማሽ በላይ በሆኑት ፎቶዎች ላይ ባዶ ሆኖ መታየት አለበት። ሕዝቡ ቆሞ በሚዘምርበት ሰዓት ይህ አይሆንም። ሰው ሲበተን፣ ሁሉም እየተንቀሳቀሰ ሳለ አንሱ። ፎቶዎቹንም ቢያንስ ሃያ አምስት አድርሷቸው።

ካሜራውን እንዴት ላስተካክል?

ዋናው ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ምንም እንዳይቀየር ነው። ሁሉንም በእጅ አድርጉት። ብርሃኑን በማኑዋል፣ ዋይት ባላንሱን በአንድ ምርጫ ላይ ቆልፋችሁ፣ ፎከሱን አስተካክላችሁ ከዚያ ራስ-ሰር ፎከሱን አጥፉት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ነጭ ጋቢ ባለፈ ቁጥር ካሜራው ፎቶውን ያጨልማል፣ ጥቁር ባለፈ ቁጥር ያበራል። ያኔ ድንጋዩ ራሱ በየፎቶው ሌላ ቁጥር ይኖረዋል።

በጠዋት ብርሃን አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር f/8 እና ሻተር 1/250 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። የምትችሉ ከሆነ በሮው አንሱ። ትራይፖድ ላይ ስትሆኑ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉት።

ትራይፖድ የለኝም። በስልክስ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፉት። ድንጋይ ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ የትም። ፕሮግራሞቹ ፎቶዎቹን ገጥመው ማስተካከል ይችላሉ። ግን የሚያስተካክሉት ትንሽ መዛነፍን ነው። ከቦታችሁ አንድ እርምጃ ከተነቃነቃችሁ የቅርቡ ግንብና የሩቁ ገደል እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። ያንን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

ብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑን ተጭናችሁ ስትቆዩ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ይህን አድርጉ። ዙም አትንኩ።

አንድ ሙሉ ሥራ ከነደረጃው ይታየኝ።

እሺ። የገበያ ቀን ጠዋት ነው እንበል። ድልድዩን ሰያፍ ከጎን እናነሳለን። መጀመሪያ ሽፋኑን ለካን፤ መግቢያው ላይ ያለው ድንጋይ 20 በመቶ ወጣ። አሥራ አምስት ፎቶ ይበቃል። እኛ ግን ሃያ አንድ እናነሳለን። ትርፎቹ ለመጣል ናቸው፤ ደመና ይመጣል፣ ሰው ካሜራው ፊት ይቆማል።

ቤት ገብተን ሃያ አንዱን እናያለን። ሦስቱ ላይ ደመና ፀሐይዋን ከልሏታል። እነሱን እናወጣለን። አንዱ ላይ ሁለት ሰዎች መግቢያው ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ይህም ይወጣል። አሥራ ሰባት ቀረ፤ ጎዶሎ ነው፣ ጥሩ። በሮው ካነሳን ቀለሙን በአንዱ ላይ አስተካክለን ያንኑ ለሁሉም እንሰጣለን። አንዱን ብቻ ለይቶ ማሳመር የለም።

ፎቶሾፕ ላይ File > Scripts > Load Files into Stack… እንከፍታለን። ፎቶዎቹን እንጨምርና Create Smart Object after Loading Layers የሚለውን እንመርጣለን። ትራይፖድ ካልነበረ Attempt to Automatically Align Source Images የሚለውንም እንመርጣለን። ሲጨርስ Layer > Smart Objects > Stack Mode > Median። በቃ። ኮምፒውተሩ ትንሽ ያስባል፤ ከዚያ ድልድዩ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ከሰዎቹ ጋር የመሬት ላይ ጥላቸውም ይጠፋል፤ ጥላውም እንደ ሰውዬው አላፊ ነውና። ሌላም ጥቅም አለ። በጨለማው የቅስት ሥር ያለው የካሜራ ሻካራ ነጠብጣብ ይቀንሳል። ዘጠኝ ፎቶ ሲዋሃድ ነጠብጣቡ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የጥላውን ቦታ ትንሽ ከፈት አድርጎ ማብራት ይቻላል።

ፎቶሾፕ ከሌለኝስ?

በነፃ ይሠራል። አፊኒቲ ፎቶ ያለው ሰው File > New Stack… ብሎ ፎቶዎቹን ቢያስገባ ይበቃል። ጂምፕ የምትጠቀሙ ደግሞ G'MIC የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑ፤ ከሌየር ክፍሉ ውስጥ Blend [Median] የሚል አለ።

ትእዛዝ መጻፍ የማይከብዳችሁ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው ሁጊን ከሚባለው ፕሮግራም ጋር የሚመጣ ሲሆን ፎቶዎቹን ይገጥማል። ሁለተኛው የኢሜጅማጂክ ነው፤ ሚድያኑን ያሰላል።

```
align_image_stack -a al_ -C *.jpg
magick al_*.tif -evaluate-sequence median bado.tif
```

ኢሜጅማጂክ ሁሉንም ፎቶ በአንድ ጊዜ ማስታወሻው ላይ ይጭናል። የ24 ሜጋፒክስል አሥራ አምስት ፎቶ ብዙ ጊጋባይት ይበላል። ላፕቶፓችሁ አቅም ካነሰው ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ ፎቶዎቹን በግማሽ አሳንሳችሁ ሞክሩ፤ ለኢንተርኔት ያ መጠን ከበቂ በላይ ነው።

እግር ብቻ ቀርቷል፤ አንዳንድ ቦታም የቀለም ነጠብጣብ አለ። ምን ሆኖ ነው?

ያ ቦታ በቂ ጊዜ ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚረግጠው መስመር ላይ እግር ይደራረባል፤ ጭንቅላት ግን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ስለሚል አይደራረብም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀረው እግርና ወገብ ነው። የቀለም ነጠብጣቡ የመጣው ደግሞ ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ ስለሚሰሉ ነው። ቀዩ ከድንጋዩ፣ ሰማያዊው ከአንዱ ሰው ሱሪ ሊመጣ ይችላል።

በዓይን የማይያዝ ስህተትም ይኖራል። ለዚህ ጥሩ መፈተኛ አለ። ፎቶዎቹን አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያላችሁ በአንድ ወገን፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ እያላችሁ በሌላ ወገን ክፈሏቸው። ከሁለቱም የየራሳቸውን ሚድያን አውጡ። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አድርጋችሁ የላይኛውን ሌየር Difference አድርጉት። ሁለቱ የተስማሙበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። የሚያበራ ቦታ ካለ እዚያ ውጤቱን አትመኑት። ውሃውና ቅጠሉ ማብራታቸው አይቀርም፤ እነሱን ተዉአቸው። መንገዱ ላይ የሚያበራ ካለ ግን ፎቶ ይጎድላችኋል።

ፎቶ መጨመር ካልቻላችሁ፣ ያ ቦታ ባዶ የሆነበትን አንድ ፎቶ ፈልጉ። ከሚድያኑ ሌየር በላይ አድርጉት፣ ሌየሩን የሚደብቅ ጥቁር ማስክ ስጡት፣ ከዚያ የተበላሸውን ቦታ ብቻ በነጭ ብሩሽ ቀቡ። አንድ ንጹሕ ፎቶ ሁልጊዜ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ድልድዩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። አይነሳም።

ሚድያን እሱን እንደ ድንጋይ ነው የሚቆጥረው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ከተቀመጠ በውጤቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። የታሰረች አህያም እንዲሁ።

ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። «አባባ፣ ለፎቶ ነው፤ ለአንድ አፍታ ወደዚህ ፈቀቅ ቢሉልኝ» ማለት ነው። አምስት ደቂቃ እንዲነሱ አትጠይቁ፤ አያስፈልግምም። አንድ ፎቶ ብቻ ይበቃችኋል። ካሜራው ሳይነቃነቅ ያንን አንድ ፎቶ አንሱና ለማመስገን ጊዜ ውሰዱ። ቤት ስትገቡ ከላይ እንዳልኩት በማስክ ያንን ቦታ ብቻ ትቀቡታላችሁ። ሰውየው የማይፈልጉ ከሆነ አታስጨንቋቸው፤ ቦታው የእሳቸው ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ውሃው እንደ ወተት ሆነ፤ ዛፉም ደበዘዘ።

ሚድያን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያለሰልሳል፤ ለሰው ብቻ አይመርጥም። ከድልድዩ ሥር የሚፈሰው ዓባይ አረፋው ይጠፋል። አረፋው አንዲት ነጥብ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያርፍ እንደ መንገደኛ ይቆጠራል። ውሃው ከእውነተኛው ይልቅ ጨለም ያለና የሞተ ይመስላል። በረጅም ሻተር ከሚገኘው ነጭ ሐር መሳይ ውሃ የሚለየውም በዚህ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነፋስ ካለ ይደበዝዛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከፎቶዎቹ ውስጥ ውሃው ያማረበትን አንዱን ምረጡ። በማስክ ውሃውንና ዛፉን ከዚያ ፎቶ፣ ድልድዩን ከሚድያኑ ውሰዱ። ሰው ውሃው ላይ አይራመድምና ስፌቱ አያስቸግርም። እኔ ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ድልድዩ ባዶ ሆኖ ውሃው ሕይወት ከሌለው ፎቶው ሐሰት ይመስላል።

ፀሐይና ደመና ያስቸግራሉ?

ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። በአምስት ደቂቃ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ የግንቡ ጥላ ጠርዝ ብዙም አይንቀሳቀስም። ግማሽ ሰዓት ከቆያችሁ ግን ጥላው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል። ከአሥር ደቂቃ አትለፉ።

የባሰው ደመና ነው። ፀሐይ ወጣ ገባ ስትል ፎቶዎቹ ሁለት ዓይነት ይሆናሉ፤ ብሩህና ጨለማ። ግማሽ በግማሽ ከሆኑ ሚድያኑ እዚህ ከብሩሁ እዚያ ከጨለማው ይወስድና ድልድዩ ዥጉርጉር ይሆናል። አንዱን ዓይነት ብቻ ምረጡ። ክረምት ላይ ሙሉ በሙሉ የደመነ ቀን ይሻላል፤ ብርሃኑ አይለዋወጥም፣ ፏፏቴውም ያኔ ይሞላል።

ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ገጥሜ ረጅም ሻተር ብጠቀም አንድ አይደለም?

አይደለም። ረጅም ሻተር የሚሠራው እንደ አማካይ ነው። በቀን ብርሃን 1/250 የነበረውን ሻተር ባለ አሥር ስቶፕ ፊልተር ወደ 4 ሰከንድ ብቻ ያደርሰዋል። በአራት ሰከንድ ውስጥ ሰው ድልድዩን አይሻገርም። ነጭ ጋቢ ደግሞ ብርሃኑ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ጅራት ትቶ ያልፋል። ፊልተሩ ለፏፏቴው ጥሩ ነው። ለሰው ማጥፊያ ግን ሚድያን ይበልጣል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ሰው አጥፍቶ ፎቶ ማውጣት ማታለል አይሆንም?

ለምን እንደምታወጡት ይወሰናል። ለዜና ከሆነ አይፈቀድም፤ በዜና ፎቶ ላይ የነበረን ሰው ማጥፋት ክልክል ነው። ለፖስት ካርድ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን ወይም የድንጋዩን አሠራር ለማሳየት ከሆነ ችግር አይታየኝም። በበኩሌ ከፎቶው ሥር «ከ17 ፎቶዎች የተዋሃደ» ብዬ እጽፋለሁ። አላታ ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ባዶውን ያየ ሰው ድልድዩ የተተወ ፍርስራሽ ሊመስለው ይችላል፤ እሱ ግን በየቀኑ ሰው ያሻግራል።

ከጨረስኩ በኋላ ዋናዎቹን ፎቶዎች ልሰርዛቸው?

አትሰርዙ። ቦታ ከጠበባችሁ የሚሰረዘው ትልቁ የፎቶሾፕ ፋይል ነው፤ እሱን ከዋናዎቹ በአሥር ደቂቃ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። አሥራ ሰባቱን ፎቶ ግን መልሶ የሚሠራቸው የለም። በእነሱ ላይ የዚያ ቀን ገበያተኛ ሁሉ አለ፤ ያንን የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ይመጣል። ከመጨረሻው ፎቶ ጋር በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ቀኑንና የቆማችሁበትን ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጧቸው።